«ኃይለ ሥላሴ ይላል እኮ!»

ፎቶው የመጣው ማታ ነው። ማታ ስል በእኛ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ። አዲስ አበባ ሊነጋ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለጠፈችው ዱባይ ያለችው አክስቴ ናት። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «አዲስ አበባ በዚህ ሰዓት! ጎርፍ ከተማዋን አጥለቅልቋታል። ለወዳጅ ዘመድ ያድርሱ።» የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረውበታል።

ፎቶው እውነተኛ ነው። ቡናማ ውሃ ሰፊ መንገድ ሞልቷል። መኪኖች ጎማቸው ድረስ ገብተዋል። ከላይ የኮንክሪት ድልድይ ያልፋል። ከኋላ ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ይታያሉ። በስተግራ ሐምራዊ አበባ ያወጣ ዛፍ አለ፤ አበባው ረግፎ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ጥግ ላይ ግማሹ የተቆረጠ የመንገድ ስም አለ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ሁሌም ስትተኛ ትዘጋዋለች፤ ያን ቀን ግን ያ ነገር አላጽናናኝም። ቁጭ ብዬ ፎቶውን እንደገና አየሁት። ያኔ ነው «በዚህ ሰዓት» የሚለው ዓይኔ ውስጥ የገባው። አዲስ አበባ በዚህ ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ ነው። ፎቶው ላይ ቀን ነው።

ይሄ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ፎቶው የትናንት ከሰዓት ሊሆን ይችላል። ግን መግለጫውን የጻፈው ሰው ፎቶውን አላነሳውም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መግለጫውን እንደ ማስረጃ መቁጠር አቆምኩ። ፎቶውን ብቻ ቆርጬ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት። ቀልድ ይመስላል እንጂ ያለ ጽሑፉ ሲታይ ሌላ ፎቶ ነው። ጽሑፉ ከሥሩ እያለ ዓይን ሳያስበው መስቀል አደባባይን ይፈልጋል፤ ያገኛልም።

ፎቶውን ራሱን ጉግል ላይ ጭኜ ፈለግሁት። የወጡልኝ ስድስት ሰባት ገጾች ሁሉም «አዲስ አበባ» ይላሉ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰባት ገጽ ሰባት ምስክር ይመስላል። ግን ሁሉም አንዱን ጽሑፍ ከነፊደል ግድፈቱ ነው የገለበጡት። ፎቶው ውስጥ የተቀበረ የቦታ መረጃ እንዳለ ለማየትም አልደከምኩም፤ ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያንን አውልቆ ይጥለዋል። የቀረኝ የሚታየው ነገር ብቻ ነው።

በዚህ መሀል ጋሼ ገቡ። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሎስ አንጀለስ ነው የሚኖሩት። በድምፅ መልእክት ነው የሚያወሩት፣ መጻፍ አይወዱም።

«እውነት ነው! አጉልታችሁ እዩት፣ ጥግ ላይ ያለው ታፔላ ኃይለ ሥላሴ ይላል እኮ!»

አጎላሁት። ልክ ናቸው። በላቲን ፊደል የስሙ መጀመሪያ ተቆርጦ «…ሥላሴ አቬኑ» ይላል። ከዚያ በኋላ ግሩፑ ውስጥ የሚጠራጠር ጠፋ።

እኔ ግን ሚኒባሱን ነበር የማየው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሳያስበው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ረዳቱ በየትኛው በር እንደሚንጠለጠል። በእኛ አገር መኪና በቀኝ በኩል ስለሚሄድ የሚኒባሱ በር በቀኝ ጎኑ ነው፣ እግረኛ መንገዱ ባለበት። ፎቶው ላይ ያለው ሚኒባስ ጀርባውን ሰጥቶናል። አንድ ልጅ ግማሽ አካሉ ወጥቶ ውሃውን እያየ ሾፌሩን ያስነዳል። የተንጠለጠለው በግራ በኩል ነው።

መንገድ ላይ ያለው ቀለም በአብዛኛው ውሃ ውስጥ ነው። ግን ከፊት ለፊት ውሃው በሳሳበት ቦታ አንድ ነጭ ቀስት ብቅ ብሏል፤ ጫፉ ከእኛ ይርቃል። ከቀስቱ በስተቀኝ የመንገዱ አካፋይ ጠርዝ አለ። ማለትም ከእኛ እየራቁ የሚሄዱት መኪኖች አካፋዩን በቀኛቸው ይዘው ነው የሚነዱት። በአዲስ አበባ አካፋዩ በግራህ ነው የሚሆነው። ቀስቱን ብቻ ባገኝ አላምነውም ነበር፤ ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ላይ ቀስት በሁለቱም ጎን ይሳላል። አካፋዩና የሚኒባሱ በር ሲጨመሩበት ግን ሌላ ነገር ነው። ይሄ በግራ የሚነዳበት አገር ነው።

ፎቶው ተገልብጦ ቢሆንስ? በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ መገልበጥ የአንድ ጠቅታ ሥራ ነው፤ ያኔ ቀኙ ግራ ይሆናል። እዚህ ጋ የጋሼ ታፔላ ጠቀመኝ። ፊደሎቹ በትክክል ይነበባሉ። ስለዚህ አልተገለበጠም። አስተውሉ እንግዲህ፤ አዲስ አበባ ነው ለማለት የመጣው ታፔላ አዲስ አበባ አለመሆኑን አጸናልኝ።

ይሄ የበር ነገር የማይሳሳት ግን አይደለም። ሀርጌሳ ብትሄዱ አብዛኞቹ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ከውጭ እንደዚያ ሆነው ስለሚገቡ። መንገዱ ላይ ግን የሚነዱት እንደኛ በቀኝ በኩል ነው። መሪ ብቻ ያየ ሰው እዚያ ይወድቃል። ስለዚህ መሪውን ሳይሆን መኪኖቹ የቱን ጎን እንደያዙ ነው ማየት ያለባችሁ።

ኢትዮጵያ ወጣች። ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሱዳን፣ ሩዋንዳ በቀኝ ስለሚነዱ እነሱም ወጡ። በአካባቢያችን በግራ የሚነዱት ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ናቸው።

ታፔላው ላይ ሌላም ነገር ነበር፤ የሌለ ነገር። አዲስ አበባ ውስጥ የመንገድ ስም ሲጻፍ አማርኛው አይቀርም። ሌላው ቀርቶ የማቆሚያ ምልክቱ እንኳ «ቁም» ይላል። ፎቶው ላይ ስድስት ያህል ጽሑፍ ቆጠርኩ፤ ከሱቅ፣ ከማስታወቂያ፣ ከመኪና ላይ። አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። መሀል ከተማ ያን ያህል ጽሑፍ እያለ አንድ «ሀ» አለመታየቱ ከባድ ነገር ነው።

ስለ ጽሑፍ ካነሳሁ ትንሽ ልቆይበት። እኛ የግዕዝ ፊደል የምናነብ ሰዎች ሌላው የሌለውን ዓይን ይዘናል። የውጭ ሰው ፊደሉን አይቶ «ኢትዮጵያ» ይላል። እኛ ግን «ትምህርት ቤት» እና «ቤት ትምህርቲ» አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን። «ፍርድ ቤት» ከሆነ አማርኛ ነው፤ «ቤት ፍርዲ» ከሆነ ትግርኛ ነው፣ መቀሌ ወይ አስመራ ልንሆን እንችላለን። ፊደሉ ደብዝዞ እንኳ «ቤት» የቱ ጋ እንደቆመች ከታየ ይበቃል። በላቲን ፊደል «መነ ኛታ» የሚል ምግብ ቤት ካየን ደግሞ ኦሮሚያን ወይም አዲስ አበባን እናስባለን። ግን እኔ አሁን ይሄን የምጽፍበት ሰፈር ወጥቼ አንድ የሥጋ ቤት በር ባነሳ ጽሑፉ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ፊደል የሚነግረን ማን እንደሚኖር ነው፤ የት እንደሆነ ሁልጊዜ አይናገርም።

ምልክት ጊዜው ያልፍበታልም። ፎቶው ውስጥ አረንጓዴ የኤም-ፔሳ ሰሌዳ አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት ይሄን ሳይ «ኬንያ» ብዬ እዘጋው ነበር። ከ2023 ጀምሮ ግን ኤም-ፔሳ ኢትዮጵያም ገብቷል። አሁን አዲስ አበባም ያው አረንጓዴ አለ። ስለዚህ ተውኩት። የተሻለው ሚኒባሱ ጎን ላይ ያለው ቢጫ መስመር ነበር። ማታቱ የሚባሉት የኬንያ ሚኒባሶች ዙሪያቸውን ቢጫ መስመር ይቀባሉ። የኋላ ታርጋውም ቢጫ ነው። ቁጥሩ አይነበብም፣ ቀለሙ ግን ይታያል። በኬንያ የተለመደው የፊት ታርጋ ነጭ፣ የኋላው ቢጫ ነው። ኡጋንዳም እንዲሁ ስለሆነ ታርጋው ብቻውን አይለያቸውም። ከመስመሩ ጋር ሲሆን ግን ወደ ኬንያ ያዘነብላል።

አሁን ወደ ጋሼ ታፔላ ተመለስኩ። ጥያቄው ተቀይሯል። «ኃይለ ሥላሴ ካለ አዲስ አበባ ነው» ሳይሆን በግራ የሚነዳበት አገር በንጉሡ ስም የተሰየመ መንገድ ያለው የቱ ከተማ ነው? አንድ ብቻ አይደለም። ናይሮቢ አለ። ሞምባሳም አለ። ዳር ኤስ ሰላምም አለ።

እዚህ ጋ ዛፉ ሥራ አገኘ። ሐምራዊ አበባ ያለው ዛፍ ጃካራንዳ ነው። አክስቴ «የእኛ ሰፈር ዛፍ ነው» ብላ ጽፋለች፤ አልተሳሳተችም። አዲስ አበባም ጃካራንዳ ሞልቷል። ለዚህ ነው ዛፍን በመጀመሪያ የማላምነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ሁለቱም ቀዝቀዝ ያሉ ከተሞች ስለሆኑ ሁለቱም ጋ ባሕር ዛፉም ጃካራንዳውም ይበቅላል። አዲስ አበባን ከናይሮቢ በዛፍ ልለይ ብል እሳሳታለሁ። ናይሮቢን ከሞምባሳና ከዳር ኤስ ሰላም ለመለየት ግን ይረዳል። ሁለቱ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ናቸው፤ ሙቀትና እርጥበት። እዚያ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የኮኮናት ዘንባባ ነው። ጃካራንዳ ደግሞ ከፍታ ይወዳል። ፎቶው ላይ አንድም ዘንባባ የለም።

ኡጋንዳን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ካምፓላ ቢሆን ኖሮ ከሕንፃው ጀርባ የሆነ ቦታ ሙዝ ይታይ ነበር ብዬ እጠብቃለሁ። ግን መሀል ከተማ ላይ ይሄ ግምት ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ግምቱን የሚዘጋው የሕንፃዎቹ መልክ ነው። አንደኛው ክብ ግንድ የመሰለ፣ የሸክላ ቀለም ያለው፣ አናቱ ላይ ሳህን የተቀመጠበት ዓይነት ነው። ናይሮቢን በአንድ ፎቶ እንኳ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በ1973 የተመረቀው የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ነው። ከእሱ በስተቀኝ ያለው ረጅም ሕንፃ ታይምስ ታወር ነው። ታይምስ ታወር የቆመው የት መሰላችሁ? ኃይለ ሥላሴ አቬኑ ላይ።

ከተማው ታወቀ። ግን ጋሼን ስለማውቃቸው «ናይሮቢ ነው» ብዬ ብጽፍ «በምን አወቅህ?» ይሉኛል። ነጥቡን ካርታ ላይ ማሳየት ነበረብኝ።

ሁለት ከፍ ያሉ ሕንፃዎች ከታዩ ካሜራው የት እንደቆመ ይናገራሉ። ካርታ ላይ ታይምስ ታወር ከስብሰባ ማዕከሉ በስተደቡብ ነው። ፎቶው ላይ ማዕከሉ በግራ፣ ታይምስ ታወር በቀኝ ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስታይ ሰሜን በግራህ ይሆናል፣ ደቡብ በቀኝህ። ስለዚህ ያነሳው ሰው ከሕንፃዎቹ በስተምዕራብ ቆሟል። ከምሥራቅ ቢያነሳ ኖሮ ቦታ ይቀያየሩ ነበር። ይሄን የሌንስ ዓይነት አይቀይረውም፤ ማጉላትም ሆነ መቁረጥ የቱ በግራ የቱ በቀኝ እንደሆነ አይነካም።

ቀጥሎ ቁመታቸው። የስብሰባ ማዕከሉ 105 ሜትር ያህል ነው፣ ታይምስ ታወር 140። ከሁለቱም እኩል ርቀት ላይ ብቆም ታይምስ ታወር በሲሶ ያህል በልጦ ይታየኛል። ወደ ማዕከሉ ብጠጋ ልዩነቱ ይጠብባል፣ እንዲያውም ማዕከሉ ሊበልጥ ይችላል። ወደ ታይምስ ታወር ብጠጋ ይሰፋል። ማስመሪያ አምጥቼ ኮምፒውተሩ ላይ ለካሁ። ማዕከሉ 21 ሚሊሜትር፣ ታይምስ ታወር 30 ሚሊሜትር። ከሲሶ ትንሽ ይበልጣል። የሁለቱም እግር በሌሎች ሕንፃዎች ስለተሸፈነ መነሻውን በግምት ነው የያዝኩት፤ ሁለት ሚሊሜትር ብሳሳት አይገርመኝም። ቢሆንም አንድ ነገር አስወጣልኝ። በስተምዕራብ ያለው ታዋቂ ማንሻ ቦታ ኡሁሩ ፓርክ ነው። ከፓርኩ ሰሜናዊ ጫፍ ቢነሳ ሁለቱ ሊቀራረቡ ይገባ ነበር። አልተቀራረቡም። ወደ ደቡብ መውረድ አለብኝ።

ወደ ደቡብ ስወርድ ኡሁሩ ሀይዌይ ከኃይለ ሥላሴ አቬኑ ጋር የሚገናኝበት አደባባይ ላይ ደረስኩ። የድልድዩም ነገር እዚያ ነው የተፈታው። ጋሼ ቀደም ብለው «ያ ከላይ ያለው ባቡሩ ነው» ብለው ነበር፤ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ማለታቸው ነው። ከሩቅ በእርግጥ ይመሳሰላል። የእኛ ባቡር ግን በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ከድልድዩ በላይ ምሰሶና ሽቦ አለው። ፎቶው ላይ ሽቦ የለም። ይሄ በ2022 የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የናይሮቢ የፍጥነት መንገድ ነው፤ በመሀል ከተማ ከኡሁሩ ሀይዌይ በላይ ነው የሚያልፈው።

በጉግል የመንገድ ምስሎች፣ በስትሪት ቪው፣ ወደ አደባባዩ ገባሁ። እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የመጣልኝ ምስል የቆየ ነበርና ድልድዩ ገና አልተሠራም። ለአፍታ ተሳሳትኩ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ድልድዩን ትቼ የማይንቀሳቀሱትን አመሳከርኩ። የሁለቱን ሕንፃዎች አቀማመጥ፣ ከፊታቸው ያለውን ዝቅተኛ ሕንፃ የመስኮት ረድፍ፣ የአደባባዩን ጠርዝ ጥምዝ። ገጠመ። ድልድዩን ደግሞ ሰዎች ከመኪና ውስጥ በቀረጹት አዲስ ቪዲዮ ላይ አገኘሁት።

እዚህ ላይ ምን ያህል እርግጠኛ ነኝ? አገሩና ከተማው ላይ አልጠራጠርም። አደባባዩ ላይም በጣም እርግጠኛ ነኝ። ያነሳው ሰው ግን መኪና ላይ ይሁን፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን አላወቅሁም። ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ነው ያየው፣ ያ ብቻ ነው የሚታየው። መቼ እንደተነሳም ቁርጥ ያለ ቀን የለኝም። ድልድዩ አልቆ መኪና ስለሚሄድበት ከ2022 ወዲህ ነው። ጃካራንዳው ናይሮቢ ውስጥ በብዛት የሚያብበው በመስከረምና በኅዳር መካከል ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ የእነሱ አጭሩ ዝናብ ይመጣል። ስለዚህ ያንን ወቅት እጠረጥራለሁ። የየትኛው ዓመት ዝናብ እንደሆነ ግን ፎቶው አልነገረኝም።

ፎቶው የደረሰን ደግሞ በኅዳር ነበር። ይሄን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። አዲስ አበባ ኅዳር ላይ ክረምቱ ከወጣ ቆይቷል፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። ያልተጠበቀ ዝናብ ሊጥል ይችላል እንጂ መንገድ የሚያሰጥም ጎርፍ ከሰማይ ዱብ ቢል ግርም ይል ነበር። በድንጋጤ መሀል ግን ወር የሚቆጥር የለም።

ካርታውን ከነነጥቡ፣ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጌ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። «ጋሼ፣ ታፔላው ትክክል ነው። ኃይለ ሥላሴ ይላል። ናይሮቢ ውስጥ ያለው ኃይለ ሥላሴ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ረዳቱ የተንጠለጠለበትን በር ቀይ ክብ አደረግሁበት። አክስቴ «ውይ፣ በግራ!» አለች። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

ጋሼ ዝም አሉ። ይሄ ከእሳቸው የማይጠበቅ ነው።

አዲስ አበባ ሲነጋ እናቴ ስልኳን ከፈተች። አሥራ ሰባት ያልተመለሰ ጥሪ። ግሩፑን ገና አላነበበችም።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«እማ፣ ደህና ናችሁ? ጎርፍ አለ ተብሎ ነው።»

«የምን ጎርፍ? ትናንት በርበሬ አስጥቼ ነው የዋልኩት። ዛሬም ላሰጣ ነው።»

ከሰዓታት በኋላ የጋሼ የድምፅ መልእክት መጣ። ከመናገራቸው በፊት ረጅም ትንፋሽ ይሰማል።

«እሺ በቃ። መንገዱ የእኛ፣ ጎርፉ የእነሱ።»